ሥዕሉን በምን እንተካው? የመስክ ማስታወሻ ለሚገለብጡ የንጽጽር መመሪያ

ሦስት የአፈር ጥናት ደብተሮችን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ስቀመጥ የሚያስቸግረኝ የእጅ ጽሑፉ መስሎኝ ነበር። ጽሑፉን ግን በሁለት ቀን ለመድኩት። እስከ መጨረሻው ገጽ ያልለቀቀኝ በመስመሮቹ መካከል ድንገት ብቅ የሚለው ሥዕል ነው። አንዱ ገጽ ላይ ተዳፋቱን ከጎን የሚያሳይ ንድፍ አለ፤ ሌላው ላይ የመንደር ካርታ፤ ሌላው ላይ ደግሞ ዝናብ እስኪያባራ ሥራ የፈታ እጅ የሞነጫጨረው ነገር። ፊደል በፊደል ይተካል። ሥዕልስ በምን ይተካል?

ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን ብትጠይቁ እያንዳንዱ የለመደውን ይነግራችኋል። አንዱ «ሥዕል አለ ብለህ ጽፈህ እለፈው» ይላል፤ ሌላው «በቃላት ግለጸው»፤ ሌላው «ፎቶውን ቆርጠህ ለጥፈው»፤ ሌላው «በንጹሕ እንደገና ሣለው»። እያንዳንዱ ምክር የሚያዋጣበት ደብተር አለ፤ ደብተሩን የሚያበላሽበት ጊዜም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፣ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንፈትን።

## በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ጽሑፉ ያለ ሥዕሉ መቆም መቻሉ ነው። «ሐ ላይ ያለው አፈር እንደ ሀ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሐ እና ሀ የት እንዳሉ ካልታወቀ ምንም አይነግርም። ግልባጩን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ተረድቶ ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ደብተሩ ከተገለበጠ በኋላ አንባቢ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቃል ጽፎ በመፈለግ ነው። በሥዕሉ ውስጥ «ምንጭ» የሚል ቃል ተጽፎ ከሆነ፣ «ምንጭ» ብሎ የፈለገ ሰው እዚያ ገጽ ላይ መድረስ ይገባዋል።

ሦስተኛው ዓይን ያየውን አእምሮ ከገመተው መለየት ነው፤ ብዙ ገልባጭ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ዕድሜ ነው፤ ጽሑፉ ከፎቶው ተለይቶ ሲቀዳ፣ ሲታተም፣ በኢሜይል ሲላክ ሥዕሉ ምን ይሆናል? አምስተኛው ድካም ነው። ሁለት መቶ ሥዕል ያለበትን ደብተር ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት እየሰጡ መጨረስ አይቻልም። ተጀምሮ የቀረ ግልባጭ ደግሞ ግማሹ በአንድ መንገድ ግማሹ በሌላ መንገድ የተሠራ ስለሚሆን ከምንም ይብሳል።

## ሁለት መፈተኛ ገጾች

አማራጮቹን በሁለት ገጾች ላይ እፈትናቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ከራሴ ሥራ ነው፤ ከሦስተኛው ደብተር ገጽ 14። ከላይ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አለ። ከታች ከግራ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ የሚሄድ መስመር፣ በላዩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተባሉ አራት ነጥቦች፣ በየነጥቡ አጠገብ 110፣ 70፣ 35፣ 20 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። በግራ በኩል «ወንዝ» የሚል ቃል፣ በቀኝ ጫፍ «ሰ» የተጻፈበት ቀስት አለ።

ሁለተኛው ዓለም የሚያውቀው ገጽ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1837 «ቢ» ብሎ በሰየመው ማስታወሻ ደብተር ገጽ 36 ላይ የሳለው፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄደው ንድፍ። ከንድፉ በላይ «እንደማስበው» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተጽፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ የቀረውን ሐሳብ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። በሥሩ ላይ በክብ የተከበበ ቁጥር 1 አለ። በቅርንጫፎቹ ዘንድ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚሉ ፊደላት አሉ። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ በአጭር አግድም ጭረት ተዘግቷል፤ ሌላው እንዲሁ ክፍት ቀርቷል። በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ደግሞ በኤ እና በቢ መካከል ያለው የዝምድና ርቀት እጅግ ሰፊ መሆኑን፣ በሲ እና በቢ መካከል ያለው ልዩነት ግን በጣም ረቂቅ መሆኑን ይናገራል። ንድፉን ከዚህ ገጽ አውጡትና ጽሑፉን አንብቡት፤ ስለማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

## አማራጭ አንድ፦ ምልክት ብቻ

ይህ `[[ሥዕል]]` ብሎ ማለፍ ነው። አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ግምትም የለበትም። አንባቢው እዚህ ቦታ ላይ ጽሑፍ ያልሆነ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ያበቃል። በሁለቱም መፈተኛ ገጾች ላይ ይወድቃል፦ በገጽ 14 ሐ እና ሀ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ በዳርዊን ገጽ «እንደማስበው [[ሥዕል]]» የሚል ከቀልድ የማይለይ ግልባጭ ይወጣል።

ያም ሆኖ አልንቀውም። ጊዜ ያጠረው ሰው ምንም ሳያስቀምጥ ከሚያልፍ ይህን ማስቀመጥ አለበት፤ ሌላ ጊዜ ተመልሶ የሚሞላው ቦታ ይኖረዋልና። ሁለት ነገሮችን ብቻ ይጠንቀቅ።

አንደኛው ቅንፉ ነው። የደብተሩ ባለቤት ራሱ ነጠላ ቅንፍ ተጠቅሞ ሊሆን ስለሚችል የገልባጩ ቅንፍ ድርብ ይሁን። የስሚዝሶንያን ተቋም የግልባጭ ማዕከል በጎ ፈቃደኞችም የራሳቸውን ማስታወሻ ከዋናው ጽሑፍ የሚለዩት በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ነው።

ሁለተኛው የእኛው ፊደል ጣጣ ነው። አንዱ ገልባጭ «ሥዕል»፣ ሌላው «ስዕል»፣ ሦስተኛው «ሥእል» ብሎ ከጻፈ የኮምፒውተሩ ፍለጋ ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንዱን መርጦ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይሻላል።

## አማራጭ ሁለት፦ አጭር መግለጫ ከነመለያዎቹ

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ሥዕሉ ባለበት ቦታ ላይ ዓይነቱን፣ በገጹ ላይ ያለበትን፣ በውስጡ የተጻፉትን ቃላትና ቁጥሮች ሁሉ፣ እርስ በርስ ያላቸውንም አቀማመጥ መጻፍ ነው። ገጽ 14 እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

```
ከወንዙ ዳር ተነሥተን ወጣን። ሐ ላይ ያለው አፈር
እንደ ሀ አይደለም፤ ጠጠር በዝቶበታል።
[[ሥዕል 1፦ ንድፍ፣ የገጹ ታችኛ ግማሽ፣ በእርሳስ።
ከግራ ወደ ቀኝ ከፍ የሚል መስመር። በላዩ አራት ነጥቦች፣
ከታች ወደ ላይ፦ "ሀ 110"፣ "ለ 70"፣ "ሐ 35"፣ "መ 20"።
ከሀ በስተግራ ሁለት ሞገድ የሚመስሉ መስመሮች፣ "ወንዝ"።
ከመ በስተቀኝ ቀስት፣ "ሰ"። በለ እና በሐ መካከል
አንድ የማይነበብ ቃል።]]
```

በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ሁሉ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነው፤ ከጥቅሱ ውጭ ያለው የእኔ ነው። በዚህ አንድ ልማድ ብቻ ሦስተኛው መለኪያ በግማሽ ይሟላል። ቁጥሮቹ የአፈር ጥልቀት በሳንቲሜትር እንደሆኑ እርግጠኛ ነኝ ለማለት እቃረባለሁ፤ ባለቤቱ ገጽ 11 ላይ እንዲህ ብሎ በቃላት ጽፎታል። ቢሆንም ገጽ 14 ላይ አልጻፈውም። ስለዚህ ይህ ግምት ከሥዕሉ ቅንፍ ውጭ፣ «የገልባጭ ማስታወሻ» ተብሎ ለብቻው ተቀመጠ። «ሰ»ም ሰሜን ሳይሆን አይቀርም፤ ግን «ሰ» ሆኖ ቀረ።

አሁን ደብተሩ ሊበላሽ የነበረበትን ስፍራ ላሳያችሁ። ብዙ የአማርኛ ግልባጭ ሲሠራ ለፍለጋ እንዲመች ተብሎ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ ይለወጣሉ። ለተራው ጽሑፍ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም ይባላል። ሥዕል ላይ ግን ፊደሉ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የቦታ ስም ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ነጥቦቹን የሰየመው ሰው ንድፉ በአንድ ቁልፍ ሲስተካከል ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ መ ይሆናል። ወንዝ ዳር ያለው ጥልቅ አፈርና ሽቅብ ያለው ጠጠራማ አፈር አንድ ስም ይይዛሉ። ዓረፍተ ነገሩም «ሀ ላይ ያለው አፈር እንደ ሀ አይደለም» ሆኖ ያርፋል። በአንደኛው ደብተር ላይ ይህ ደርሶብኛል፤ ያወቅሁትም ዓረፍተ ነገሩ ሲያስቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ማስተካከያ መሥራት ግድ ከሆነ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ፤ ዋናው ግልባጭ አይነካ።

በዚህ መንገድ ላይ የሚታየው ሌላው ስህተት በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ቃላት ወደ ዋናው ጽሑፍ ሾልከው መግባታቸው ነው። መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች የሚገለብጥ ሰው «ከወንዙ ዳር ሀ 110 ተነሥተን ለ 70 ወጣን» ብሎ ይጽፋል። ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮች በዓረፍተ ነገር መካከል ካያችሁ እዚያ ሥዕል ነበረ ማለት ነው። መፍትሔው ሥዕሉን የሚጠቅሰው ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ከሥሩ ቅንፉን ከፍቶ መለያዎቹን ሁሉ እዚያው ማስገባት ነው። ወደ ገጹ መጨረሻ ማባረር ግን አይመከርም፤ አንባቢው የትኛው ዓረፍተ ነገር የትኛውን ሥዕል እንደሚጠራ ይጠፋበታል።

በእኔ እጅ አንድ እንዲህ ያለ መግለጫ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

## አማራጭ ሦስት፦ ረዥም መግለጫ

ረዥሙ መግለጫ ከአጭሩ የሚለየው በቃላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዓላማውም ሌላ ነው። ሥዕሉን ጨርሶ ለማያይ ሰው፣ ለምሳሌ ማያ ገጽ በሚያነብ ፕሮግራም ለሚጠቀም ዓይነ ስውር አንባቢ፣ ንድፉን በአእምሮው እንዲያቆም የሚያስችል ጽሑፍ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

አደጋው ቃል በበዛ ቁጥር ግምት መግባቱ ነው። የዳርዊንን ንድፍ የሚገልጽ ሰው መጀመሪያ ብዕሩ ላይ የሚመጣለት «ዛፍ» የሚለው ቃል ነው። ገጽ 36 ላይ ግን ዛፍ የሚል ቃል የለም። እንዲያውም ዳርዊን በዚያው ደብተር ገጽ 25 ላይ የሕይወት ዛፍ ከማለት የሕይወት ኮራል ማለት ሳይሻል አይቀርም፣ የቅርንጫፎቹ ሥር የሞተ ነውና የሚል ሐሳብ ጽፏል። እንግዲህ «[[ሥዕል፦ ዛፍ]]» ብሎ የገለበጠ ሰው ሳያውቀው ባለቤቱ ገና ያልቆረጠውን ነገር ቆርጦለታል። «ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እየተከፋፈሉ የሚሄዱ መስመሮች» ማለት ይረዝማል፤ ታማኝነቱ ግን ያዋጣል። ዛፍ የሚለውን ቃል የሚፈልግ አንባቢ እንዲያገኘው ከተፈለገ በገልባጭ ማስታወሻ ውስጥ «ብዙ ጊዜ የሕይወት ዛፍ እየተባለ የሚጠቀስ ንድፍ» ብሎ ማከል ይቻላል።

ክፍትና ዝግ ጫፎቹም እንዲሁ ናቸው። ጫፉ ላይ ጭረት ያለበት አሁን ያለውን ዝርያ፣ የሌለበት የጠፋውን እንደሚያሳይ ተመራማሪዎች አስረድተዋል። የገልባጩ ሥራ ግን «አንዳንዶቹ ጫፎች በአጭር አግድም ጭረት ተዘግተዋል» ብሎ መመዝገብ ነው። ይህን ልዩነት ሳያይ «ቅርንጫፎች» ብሎ ያለፈ ሰው የንድፉን ዋና ነገር ጥሎታል። ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅ እንኳ አይቶት ቢሆን ይበቃ ነበር።

መግለጫችሁ በቂ መሆኑን የምትፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። ደብተሩን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስልክ ደውሉና መግለጫውን አንብቡለት፤ እርሱ እየሰማ ይሣል። ከዚያ ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። ገጽ 14ን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ወዳጄ ተዳፋቱን ከቀኝ ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ሳለው፤ እኔ «ከፍ የሚል መስመር» ብዬ አቅጣጫውን ሳልናገር ቀርቼ ነበር። «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚሉት ቃላት ከዚያ በኋላ የገቡ ናቸው።

## አማራጭ አራት፦ ቆርጦ ማያያዝ

የሥዕሉን ክፍል ከገጹ ፎቶ ቆርጦ በግልባጩ ውስጥ ማስገባት ወይም በአድራሻ ማመልከት ነው። ከግምት ነፃ በመሆን የሚወዳደረው የለም፤ የእርሳሱ ድምቀት፣ የእጁ መንቀጥቀጥ፣ የተሰረዘው ሁሉ ይታያል። ለብቻው ሲቆም ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ፍለጋ አያየውም፤ ጽሑፉ ሲቀዳም ሥዕሉ ወደኋላ ይቀራል።

ዕድሜውን በተመለከተ ያጋጠመኝን ልናገር። የአንደኛውን ደብተር ሥዕሎች ቆርጬ በአንድ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ውስጥ አስገብቼ አድራሻቸውን በግልባጩ ላይ ለጥፌ ነበር። ማስቀመጫው የተከፈተው ፕሮጀክቱን ይመራ በነበረው ሰው ስም ነው። እርሱ ሥራ ሲለቅ ማስቀመጫው ተዘጋ፤ ስልሳ ያህል ሥዕሎች የነበሩበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሆነ። የዳኑት አጭር መግለጫ የነበራቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ከጽሑፉ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ስሙም `D03_p014_s1.jpg` ዓይነት ሆኖ ደብተሩን፣ ገጹንና የሥዕሉን ተራ ቁጥር ይናገራል። አድራሻ ቢጠፋ እንኳ ከስሙ ተነሥቶ ማግኘት ይቻላል።

የዳርዊን ደብተር ለዚህ የተሻለ ምስክር ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበሩት «ቢ» እና «ሲ» ደብተሮች እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ጠፉ። ቤተ መጻሕፍቱ ተሰርቀው ሊሆን እንደሚችል በ2020 በይፋ አስታወቀ። በመጋቢት 2022 በሮዝ ቀለም የስጦታ ከረጢት ተደርገው በቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ውስጥ ተገኙ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት የገጽ 36ን ንድፍ ማየት የፈለገ ሰው የነበረው ፎቶው ብቻ ነው። ገጹን ሳትቆርጡ ሙሉውን በጥሩ ጥራት ፎቶ ማንሣት ከሁሉም አማራጮች በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ነው፤ መቁረጡ በኋላ ይደርሳል።

ሰርቨር ያለው ቤተ መዛግብት ከሆናችሁ ሳይቆርጡ መቁረጥም ይቻላል። `IIIF` በሚባለው ሥርዓት የሥዕሉ ክፍል በአድራሻው ውስጥ በቁጥር ይመለከታል፦

```
https://example.org/iiif/D03_p014/pct:5,52,90,44/max/0/default.jpg
```

ቁጥሮቹ ከግራ ጠርዝ፣ ከላይ ጠርዝ፣ ስፋትና ቁመት ናቸው፤ እዚህ በመቶኛ ተሰጥተዋል። በፒክስል መስጠትም ይቻላል። ነገር ግን ገጹ ነገ በበለጠ ጥራት እንደገና ቢነሣ የፒክስል ቁጥሩ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የፎቶው ዙሪያ ካልተለወጠ መቶኛው ይጸናል።

## አማራጭ አምስት፦ እንደገና መሣል

በንጹሕ መስመር በኮምፒውተር መሣል፣ በፊደልና በጭረት ንድፍ መሥራት፣ ወይም ወደ ሠንጠረዥ መለወጥ ማለት ነው። ገጽታው ያምራል፤ ለዚህም ነው ሰው የሚታለልበት።

ችግሩ ኮምፒውተር ጥርጣሬን አለማወቁ ነው። በእጅ የተሣለ ንድፍ ላይ ሁለት መስመሮች ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸው ይቆማሉ፤ ባለቤቱ ሊያገናኛቸው ፈልጎ ይሁን ሊለያያቸው አይታወቅም። እንደገና የሚሥል ሰው አንዱን መምረጥ አለበት፤ ከመረጠ በኋላ ደግሞ ጥርጣሬ እንደነበረ የሚናገር ነገር አይቀርም። የዳርዊንን ገጽ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይህን ውሳኔ ይወስናል።

በፊደልና በጭረት የሚሠራው ንድፍ ለአማርኛ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ይህ ዘዴ የሚቆመው እያንዳንዱ ምልክት እኩል ስፋት ሲኖረው ነው። የእኛ ፊደላት ግን በአብዛኛው የኮምፒውተር ፊደል ገጽታ እኩል ስፋት የላቸውም፤ «ሐ» እና «ነ» የሚይዙት ቦታ ይለያያል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ተስተካክሎ የቆመው ተዳፋት በሌላ ሰው ስልክ ላይ የፈረሰ ካብ መሰለ።

ሠንጠረዥ ግን አንዳንዴ ያዋጣል። የገጽ 14ን አራት ነጥቦችና አራት ቁጥሮች በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ለስሌት ይጠቅማል፤ ጥልቀቱ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱ ወዲያው ይታያል። የሚጠፋው በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀትና ተዳፋቱ የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ከመግለጫው ጋር ይሂድ እንጂ ምትኩ አይሁን።

## ስለ ቲኢአይ ጥቂት

አንዳንዶች `TEI` የተባለውን የጽሑፍ ምልክት ማድረጊያ ሥርዓት እንደ ስድስተኛ አማራጭ ያቀርቡታል። እኔ እንደ ዕቃ አየዋለሁ፤ ከላይ ያሉትን ሁሉ የሚይዝ፦

```
<figure>
  <graphic url="D03_p014_s1.jpg"/>
  <p>ሀ 110 ለ 70 ሐ 35 መ 20 ወንዝ ሰ</p>
  <figDesc>ከግራ ወደ ቀኝ ከፍ የሚል መስመር...</figDesc>
</figure>
```

ትልቁ ጥቅሙ በሥዕሉ ውስጥ የተጻፈውንና ገልባጩ የጻፈውን መግለጫ በተለያየ ክፍል ማስቀመጡ ነው። የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግን አትጀምሩት። በጥቅስ ምልክትና በድርብ ቅንፍ በጥንቃቄ የተሠራ ግልባጭ ኋላ ወደዚህ ሊለወጥ ይችላል።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ጽሑፉን ያስረዳል? | በፍለጋ ይገኛል? | ከግምት ነፃ ነው? | ዕድሜ | ለአንድ ሥዕል |
|---|---|---|---|---|---|
| ምልክት ብቻ | አያስረዳም | መኖሩ ብቻ | አዎ | ረዥም | 5 ሰከንድ |
| አጭር መግለጫ ከመለያዎች ጋር | አብዛኛውን ጊዜ | አዎ | ጥንቃቄ ካለ | ረዥም | 3–5 ደቂቃ |
| ረዥም መግለጫ | በሚገባ | አዎ | አደጋ አለው | ረዥም | 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ |
| ተቆርጦ የተያያዘ ፎቶ | ፎቶው እስካለ | አይገኝም | አዎ | በማስቀመጫው ይወሰናል | 2 ደቂቃ |
| እንደገና የተሣለ | አዎ | እንደ አሠራሩ | አይደለም | መካከለኛ | ከ30 ደቂቃ በላይ |

ጊዜው የእኔ እጅ የለካው ነው፤ የለመደ ሰው ይፈጥናል።

## ለማን የትኛው?

የራሱን የመስክ ደብተር ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተማሪ በስልኩ ገጹን ሁሉ ፎቶ ያንሣ፤ ግልባጩ ውስጥ አጭር መግለጫ ይጻፍ። ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ያስታውሳልና ግምቱን በገልባጭ ማስታወሻ አሁኑኑ ያስፍር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱም እንግዳ ይሆንበታል። ወጪው ከጊዜው በቀር የለም።

ጥቂት ደብተሮች፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት በጎ ፈቃደኞች ያሉት ቢሮ ወይም ማኅበር ሥራውን በሁለት ዙር ይክፈለው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ሥዕል ምልክትና ተራ ቁጥር ብቻ ያግኝ። በሁለተኛው ዙር ጽሑፉ በስም የሚጠራቸው፣ ማለትም «ሐ ላይ»፣ «ከላይ እንደሣልኩት»፣ «ቀስቱ ባለበት» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የሚያመለክቷቸው ሥዕሎች ብቻ መግለጫ ያግኙ። በእኔ ሦስት ደብተሮች እንዲህ ያሉት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ፤ ድካሙም በዚያው ልክ ቀነሰ።

ሰርቨርና ባለሙያ ያለው ቤተ መዛግብት ፎቶውንም አጭር መግለጫውንም አብሮ ይያዝ። ረዥሙን መግለጫ እንደ ገጽ 36 ሐሳቡ በሥዕሉ ላይ ለተንጠለጠለ ገጽ፣ ወይም ዓይነ ስውር አንባቢ እንደሚጠቀምበት ለታወቀ ክፍል ያቆየው። እንደገና መሣልን የምመክረው ለኅትመት ብቻ ነው፤ ያም ዋናው ፎቶ ከጎኑ እስካለ።

## የተሞነጫጨረውስ?

የቀረው ሥራ የፈታ እጅ በኅዳግ ላይ የሚጥለው ነገር ነው፦ ክብ፣ አበባ፣ ጀበና፣ ተደጋግሞ የደመቀ ፊርማ። ልማዴ «[[የእጅ ጨዋታ፦ ጀበና፣ ቀኝ ኅዳግ]]» ብሎ ማለፍ ነበር፤ ትንንሾቹን ጭረቶች ደግሞ ጨርሶ እተዋቸው ነበር።

በሁለተኛው ደብተር ላይ በየጥቂት ገጹ በግራ ኅዳግ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይታያል። ባለቤቱ ሲሰለቸው የሚሥለው መስሎኝ አልመዘገብኩትም። ደብተሩ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ገጽ ላይ ወደ ላቦራቶሪ የተላኩ የአፈር ከረጢቶች ዝርዝር አገኘሁ፤ ዘጠኝ ናቸው። ወደኋላ ተመልሼ ሦስት ማዕዘኖቹን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ከረጢቱ የተሞላበት ቦታ ሌላ የትም አልተጻፈም ነበር፤ ምልክቱ ያለበት መስመር ብቻ ነው የሚናገረው። መቶ አርባ ገጽ እንደገና ገለበጥኩ።

አሁን የእጅ ጨዋታ የሚለውን ስም አልጠቀምም፤ ቃሉ ራሱ ፍርድ ነውና። ቅርጹን፣ ቦታውንና አጠገቡ ያለውን መስመር እጽፋለሁ፤ አንድ ቅርጽ ከሁለት ጊዜ በላይ ከተደጋገመ በሁሉም ቦታ በአንድ ስም እጠራዋለሁ፣ ኋላ መቁጠር እንዲቻል፦

```
[[ሥዕል፦ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ፣ ግራ ኅዳግ፣ በመስመር 6 ትይዩ]]
```

ጀበናዎቹንም በዚሁ መንገድ መዝግቤአቸዋለሁ። እስካሁን አራት ናቸው፤ ከምንም ጋር አልገጠሙልኝም።